አንድ ዓረፍተ ነገር በአራት ፎንት፦ የትኛው ይነበባል?

አንድን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በተለያዩ ፎንቶች ጽፎ፣ ሥዕሎቹን አንዱን ከሌላው ሥር ደርድሮ «የቱ ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ በኅትመትና በመተግበሪያ ሥራ ላይ የተለመደ ነው። መልሱ ፈጥኖ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ ግን የተመረጠው ፎንት ዓይን የለመደው ወይም በሥዕሉ ላይ ተለቅ ብሎ የታየው ነው። ጥያቄው መነበብ ከሆነ «የቱ ያምራል?» የሚለውን ትቶ «ጽሑፉ ሲያንስና ሲደበዝዝ የትኛው ፊደል ከየትኛው ጋር ይምታታል?» ብሎ መነሣት ይሻላል። ሥዕሎቹ በሥርዓት ከተዘጋጁ ይህን በግልጽ ያሳያሉ።

የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ የሚለይበት ነገር እዚህ ላይ ይከብዳል። ላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው፤ አንዳንዱ ፊደል ሽቅብ ይወጣል፣ አንዳንዱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ስለዚህ ቃሉ በጥቅሉ የራሱ መልክ ይኖረዋል። የእኛ ፊደላት ቁመት ግን ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ያለው በትንንሽ ምልክቶች ላይ ነው። ሰ እና ሸን፣ ተ እና ቸን፣ ነ እና ኘን፣ ዘ እና ዠን የሚለየው አናት ላይ የተጋደመች አንዲት መስመር ናት። ሣልስና ኃምስን የሚለየው ደግሞ እግር ሥር ያለው ነገር ነው፤ በቢ ላይ አጭር ጭረት ነው፣ በቤ ላይ ትንሽ ቀለበት። ቀለበቷ በቀለም ከተደፈነች ቤ ወደ ቢ ይጠጋል። ሦስተኛውና የከፋው አደጋ በክብ ፊደላት ላይ ነው። ዐ ባዶ ክብ ነው፣ ወ ክቡ መካከል ቁም መስመር አለው፣ ፀ አግድም መስመር። ዓ፣ ዋ እና ፃ ሲሆኑ ከክቡ ሥር እግር ይወጣል እንጂ ልዩነታቸው ያው ክቡ ውስጥ እንደተደበቀ ነው።

የሙከራው ዓረፍተ ነገር እነዚህን ሁሉ መያዝ አለበት። «ኢትዮጵያ ሀገሬ» የሚል አጭር ሐረግ ለማስታወቂያ ቢያምርም ለሙከራ አይበቃም፤ ሊጋጩ የሚችሉ ፊደላት አብረው አይገኙበትም። እኔ የምጠቀምበት ይህን ነው፦

«ዓለሙ ፀሐይ ሳትወጣ ተነስቶ፣ ልጆቹን ከመኝታ ቀስቅሶ ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ጨውና ሽንኩርት ከገበያ ገዝቶ ተመለሰ።»

ዓ፣ ፀ እና ወ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቃላት ውስጥ ተከታትለው ይመጣሉ። «ልጆቹን» በን ሲያልቅ ቀጥሎ «ከመኝታ» ኝን ያመጣል። ስ እና ሽ፣ ት እና ቹ አሉ፤ «ቤት» ላይ የኃምስ ቀለበት አለ። ነጠላ ሰረዙና አራት ነጥቡም ተካተዋል፤ እነሱ ራሳቸው አንድ ነገር ይነግሩናል፣ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ፎንቶቹን እንውሰድ። ጽሑፉ ስልክ ላይ ለሚነበብ የጤና መረጃ ነው እንበልና አራት እንምረጥ። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣና ለዓመታት በኮምፒዩተር አማርኛ ሲነበብበት የኖረ ነው። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የአገራችንን የቁም ጽሕፈት ባህል መሠረት አድርጎ የተሠራ ነው። ከጉግል የኖቶ ቤተሰብ ደግሞ ሁለት አሉ፦ ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ በወፍራምና ቀጭን መስመር የተሠራ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ደግሞ መስመሮቹ ውፍረታቸው የተቀራረበ።

ሥዕሉን በድረ ገጽ ማሳያ ወይም በጽሑፍ ማቀናበሪያ ከፍቶ ስክሪንሾት ማንሣት ቀላል ይመስላል፣ ግን ሰውን በጣም የሚያታልለው እሱ ነው። የጠራኸው ፎንት ካልተጫነ ወይም የግዕዝ ፊደል ከሌለው ኮምፒዩተሩ ምንም ሳይናገር ሌላ ፎንት ይተካል። እንዲህ ሲሆን «አራት ፎንት አወዳደርሁ» የሚል ሰው አንዱን ፎንት ሁለት ጊዜ አይቶ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን እንጂ ከመጀመሪያው የሚገኝ ስላልሆነ ይህ በእሱ ላይ በቀላሉ ይደርሳል። ለማወቅ ሁለቱን ሥዕል አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ማየት ነው፤ ፊደል በፊደል ከገጠሙ ፎንቱ አንድ ነው። ሥርዓተ ነጥቡም ያጋልጣል። ፊደላቱ ቀጫጭን ሆነው አራት ነጥቡ ብቻ ከወፈረ፣ ወይም ከመስመሩ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ ከሌላ ፎንት ተበድሮ የመጣ ነው።

ከዚህ ችግር የሚያወጣው መንገድ የፎንቱን ፋይል በቀጥታ የሚያነብ መሣሪያ መጠቀም ነው። ሀርፍባዝ ከሚባለው ፊደል አቀናባሪ ጋር የሚመጣው hb-view እንዲህ ያለ ነው። የተሰጠውን ፋይል ብቻ ስለሚጠቀም የሌለውን ፊደል በሌላ አይተካም፤ ባዶ ሳጥን ያሳያል። ዓረፍተ ነገሩን test.txt በሚል ፋይል ካስቀመጥን በኋላ፦

```
hb-view --font-size=40 --text-file=test.txt --output-file=serif.png NotoSerifEthiopic-Regular.ttf
```

ለእያንዳንዱ ፎንት የፋይሉን ስም እየቀየሩ ይህንኑ መድገም ነው። ሥዕሉ ፒኤንጂ ሆኖ መቅረት አለበት። ጄፔግ በፊደሉ ጠርዝ ላይ ጭጋግ ያመጣል፣ በቴሌግራምም እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል። ለሌላ ሰው መላክ ካስፈለገ እንደ ፋይል ይላክ፣ ተቀባዩም ሳያሳንስና ሳያሳድግ በመቶ ከመቶ መጠኑ ይመልከተው።

አሁን አራቱ ሥዕሎች ተደርድረዋል እንበል። ሁሉም በ40 ተጽፈዋል፤ ሲታዩ ግን እኩል አይደሉም። የፎንት መጠን የሚለካው ፊደሉ የሚቀመጥበትን የማይታይ ሳጥን እንጂ ፊደሉን አይደለም፣ ሠሪው ደግሞ በዚያ ሳጥን ውስጥ ፊደሉን የፈለገውን ያህል ማሳነስ ይችላል። ኒያላ በዚህ የታወቀ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ቁጥር ሲጻፍ አንሶ ይታያል። እንዲሁ ለምርጫ ቢቀርብ የሚሸነፈው በመጠኑ እንጂ በቅርጹ አይሆንም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቁመታቸውን ማስተካከል ያስፈልጋል። እኔ የምለካው በ ፊደልን ነው፤ አናቱም እግሩም ቀጥ ያለ ስለሆነ ከየት እስከ የት እንደሚለካ አያከራክርም። ሥዕሉን አጉልቶ ፒክስሉን መቁጠር ነው። ለምሳሌ በአንዱ ፎንት በ 24 ፒክስል፣ በሌላው 30 ፒክስል ቢሆን፣ የትንሹን መጠን ከ40 ወደ 50 ከፍ ማድረግ ነው፤ 40 ሲባዛ በ30፣ ሲካፈል ለ24። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል፣ ግን ከሁሉ ይልቅ ውጤቱን የሚቀይረው እሱ ነው።

ቁመቱ ሲስተካከል ሌላ ልዩነት ይገለጣል፤ እሱም ስፋት ነው። የአማርኛ ቃል ቅጥያዎቹን ተሸክሞ ስለሚረዝም፣ ሰፊ ፎንት በጠባብ የስልክ መስታወት ላይ በአንድ መስመር ሁለት ወይም ሦስት ቃል ብቻ ሊያስገባ ይችላል። እዚህ ላይ ክፍተቱንም ልብ ማለት ነው። ቀድሞ ቃላትን ሁለት ነጥብ ይለያቸው ነበር፣ ዛሬ የሚለያቸው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። በፊደላቱ መካከል ያለው ክፍተት በቃላቱ መካከል ካለው ጋር ከተቀራረበ «ትምህርት ቤት አድርሶ» አንድ ረጅም ሰንሰለት ይሆናል።

ቀጥሎ ሥዕሉን ማደብዘዝ ነው። ይህ በደከመ ዓይን፣ በተሰነጠቀ መስታወት ወይም በፀሐይ ብርሃን የሚሆነውን በግምት ያሳያል።

```
magick serif.png -blur 0x2 serif-blur.png
```

የደበዘዘውን ሥዕል ስናይ መጀመሪያ ፀሐይ የሚለውን ቃል እንፈልግ። ብርዕን በሚከተሉ ፎንቶች ቁም መስመሩ ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ነው። ውበታቸው ከዚያ ይመጣል፤ ድክመታቸውም ከዚያው ነው። የፀ አግድም መስመር ቀጭን ስለሆነች ቀድማ ትጠፋለች፣ ፀሐይም ዐሐይ ሆና ትቀራለች። ወ ግን መስመሩ ቁም ስለሆነ ይቆያል። ከዚያ «መኝታ» ላይ ያለችውን የኝ አናት ከ«ልጆቹን» ን ጋር እናስተያይ። እዚህ ስህተቱ በሁለት በኩል ይመጣል፤ የኝ መስመር ልትጠፋ ትችላለች፣ ወይም ደግሞ የን አናት ላይ ያለው ጌጥ ሰፍቶ መስመር ሊመስል ይችላል። መስመሮቹ የተመጣጠኑ ፎንት እነዚህን ሁለቱን በተሻለ ይጠብቃል። ነገር ግን እሱንም በወፍራሙ ዓይነት ከጻፉት የቤ ቀለበት ይደፈናል። ስለዚህ ለርዕስ የታሰበውን ውፍረት ለብቻው መፈተን ያስፈልጋል።

እስከዚህ ያየነው በራሳችን ዓይን ነው። ሌላ ሰው እንዲያነብ ሲጋበዝ የአንድ ዓረፍተ ነገር ሙከራ ትልቅ ጉድለት ይታያል። አንባቢው መጀመሪያውን ሥዕል ካነበበ በኋላ የቀሩትን አያነብም፤ ያስታውሳል። መጀመሪያውንም ቢሆን «ትምህርት» ካለ በኋላ «ቤት» እንደሚመጣ ዓይኑ ሳይደርስ ያውቃል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ለዓይን ማስተያያ ትቶ፣ ለንባብ ግምት የማያግዛቸውን ነጠላ ቃላት መስጠት ይበጃል፦ ዳና እና ዳኛ፣ ሰማ እና ሸማ፣ ስሚ እና ስሜ። በየፎንቱ ቅደም ተከተላቸውን ቀያይሮ በትንሽ መጠን ማስነበብ፣ አንባቢው ጮክ ብሎ ያለውንም እንዳለ መጻፍ ነው። ዳኛን «ዳና» ካለ የአናቱ መስመር አልታየውም፤ ስሜን «ስሚ» ካለ ቀለበቱ ተደፍኗል። የተሳሳተው ቃል ችግሩ የትኛው የፊደሉ ክፍል ላይ እንዳለ ይጠቁማል፣ «ይሄኛው ደስ ይለኛል» ከሚል መልስ ግን ይህን ማግኘት አይቻልም።

ለያዝነው ጉዳይ፣ ስልክ ላይ በትንሹ ለሚነበብ የጤና መረጃ፣ እኔ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በመደበኛ ውፍረቱ እመርጣለሁ። ለረጅም የመጽሐፍ ገጽ፣ በጥሩ ወረቀት ላይ በበቂ መጠን ለሚታተም ከሆነ ግን አቢሲኒካን እይዛለሁ። እዚያ ቀጫጭኖቹ መስመሮች አይጠፉም፣ የወፍራምና የቀጭን መፈራረቁም ዓይንን ከገጽ ገጽ ይወስዳል። አቢሲኒካ አንድ ውፍረት ብቻ ስላለው ለርዕሱ ሌላ ፎንት ማሰብ ይገባል፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ እንዲያወፍረው ከተተወ መስመሮቹን አሳብጦ ቀለበቶቹን ይደፍናቸዋል። የኖቶ ሁለቱም ቤተሰቦች ከቀጭን እስከ ጥቁር ድረስ በሠሪው የተዘጋጁ ውፍረቶች አሏቸው።

ምርጫው ከተደረገ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል። hb-view ያወጣው ሥዕል የፊደሉን ቅርጽ በታማኝነት ያሳያል፣ አንድ ርካሽ ስልክ ያንኑ ፊደል በራሱ መስታወት ላይ እንዴት እንደሚስለው ግን አያሳይም። ስለዚህ የተመረጠው ፎንት በእውነተኛው መተግበሪያ ውስጥ ተጭኖ፣ አንባቢዎቹ በሚይዙት ዓይነት ስልክ ላይ፣ በሚያነቡበት መጠን፣ በነጭ ላይ ጥቁርም በጥቁር ላይ ነጭም ሆኖ እነዚያው ስድስት ቃላት እንደገና ይነበባሉ።