አንቀጽ 732 እና የአጎት ልጅ

ሮም ውስጥ ለአገሬ ልጆች ሳስተረጉም ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ብዙውን ጊዜ የምቀመጠው ኖታዮ ቢሮ ነው፤ የቤት ሽያጭ፣ ስጦታና ውርስ የሚፈረመው በእሱ ፊት ነውና። ከጣሊያን ፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ ምረጪ ብባል ሳላመነታ 732ን እመርጣለሁ። አጭር ነው፤ ግማሽ ገጽ አይሞላም። እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ ብዙ ወንድማማች ግን የሚሰማው ከተጣላ በኋላ ነው።

የሚለው ይህ ነው። ውርሱ ገና ሳይከፋፈል ከወራሾቹ አንዱ ድርሻውን ለውጭ ሰው መሸጥ ቢፈልግ፣ አስቀድሞ ሐሳቡንና ዋጋውን ለሌሎቹ ወራሾች ያስታውቃል። እነሱም በሁለት ወር ውስጥ በዚያው ዋጋ የመግዛት ቅድሚያ አላቸው። ሳያስታውቅ ከሸጠ ደግሞ፣ ውርሱ ሳይከፋፈል እስከቆየ ድረስ፣ ድርሻውን ከገዢው እጅ መልሰው መውሰድ ይችላሉ። ገዢው ለሌላ አሳልፎ ሸጦት ቢሆንም ከሁለተኛው ገዢ ይወስዱታል። ጣሊያኖች ይህን «ሪስካቶ» ይሉታል። እኔ ስተረጉም «መቤዠት» እላለሁ፤ መጽሐፈ ሩትን ያነበበ ሰው ቦዔዝ የአቤሜሌክን መሬት እንዴት እንደተቤዠ ስለሚያውቅ፣ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

እኛን የሚመለከተን ለምንድን ነው ለሚል፦ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 17 ቀን 2015 ወዲህ በሞተ ሰው ውርስ ላይ የሚሠራው በመሠረቱ ሟቹ በመጨረሻ ኑሮውን የመሠረተበት አገር ሕግ ነው። ሮም ኖሮ ሮም የሞተ ኢትዮጵያዊ፣ የዜግነቱ ሕግ እንዲሠራበት በኑዛዜ ካልመረጠ በቀር፣ ውርሱ በጣሊያን ሕግ ይታያል። አዲስ አበባ ላለው ጉዳይ ግን ይህን ቀነ ገደብ ይዞ መሄድ አይገባም፤ የአገር ቤቱ ሕግ የራሱ ድንጋጌና የራሱ ጊዜ አለው።

ሕጉ ለምን እንዲህ ተጨነቀ? ማንኛውም የጋራ ወራሽ በፈለገ ጊዜ «ይከፈልልኝ» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ድርሻ የገዛ የውጭ ሰውም በሻጩ ቦታ ገብቶ ይህንኑ ይጠይቃል። ሁለት መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ ለሦስት አይቆረጥም። ስለዚህ ትልቁን ድርሻ የያዘው ወይም አብረው የጠየቁት ጠቅልለው ካልወሰዱት፣ ቤቱ ሐራጅ ይወጣል። እናቱ ያሳደገችበትን ቤት በሐራጅ ያጣ ሰው አውቃለሁ። መነሻው አንድ ወንድም ድርሻውን ለማያውቁት ሰው መሸጡ ነበር።

አሁን ወደምወደው ነጥብ ልግባ። «የውጭ ሰው» ማለት ማን ነው?

አባታቸው የሞተባቸው ሦስት ልጆች ነበሩ። እናታቸው ቀድማ ስላረፈች እያንዳንዳቸው አንድ ሦስተኛ ይደርሳቸዋል። በባንክ የነበረውን ተካፍለው ጨርሰዋል፤ የቀረው አፓርታማው ብቻ ነው። ታላቅየው ገንዘብ አስፈለገው። በግምት 240 ሺህ ዩሮ የሚያወጣ ቤት አንድ ሦስተኛው 80 ሺህ ነው፤ ነገር ግን ያልተከፋፈለ ቤት ድርሻ ሁልጊዜ ከልኩ በታች ነው የሚሸጠው። በ60 ሺህ ዩሮ ለአጎቱ ልጅ ሸጠ። የአጎቱ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እዚያው ቤት ያደገ፣ አባታቸውንም በመጨረሻ ሕመሙ ያስታመመ ሰው ነው።

እኅትየው የሰማችው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ወደ ታላቅየው ስትደውል አጠገቧ ነበርኩ። «ጋሼ፣ እንዴት ሳትነግረን?» አለችው። እሱም ከልቡ ተገርሞ፣ «ለባዕድ ሸጥኩት እንዴ? ለራሳችን ሰው ነው እኮ የሰጠሁት!» አላት።

በእኛ ልማድ ታላቅየው እውነቱን ነው። የአጎት ልጅ ወንድም ነው፤ ባዕድ ብሎ መጥራቱ ራሱ ስድብ ነው። አንቀጹ ግን ዝምድናን አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ሰው በዚህ ውርስ ውስጥ ወራሽ ነው ወይስ አይደለም? ወራሽ ካልሆነ የውጭ ሰው ነው። የአጎት ልጅ የውጭ ሰው ነው። የእኅት ባል የውጭ ሰው ነው። የሻጩ የገዛ ልጅ እንኳ፣ አባቱ በሕይወት እያለ፣ በአያቱ ውርስ ውስጥ የውጭ ሰው ነው። በአንጻሩ ሃያ ዓመት ያልተነጋገሩት ወንድም ወራሽ ከሆነ የውስጥ ሰው ነው፤ ለእሱ ለመሸጥ ማንንም ማስታወቅ አያስፈልግም። ይህን ስተረጉም ሰዎች ፊታቸው ይለዋወጣል። አንዳንዶቹ እኔ አዛብቼ የተረጎምኩ ይመስላቸውና ኖታዮውን እንደገና እንድጠይቀው ያደርጉኛል። እጠይቃለሁ፤ መልሱ ያው ነው።

የታላቅየው ሁለተኛ መከራከሪያ «ነግሬያቸዋለሁ» የሚል ነበር። እውነት ነው፤ በፋሲካ ማዕድ ላይ «እኔ እንኳን ድርሻዬን ልሸጥ ነው» ብሎ ነበር። እኅትየውም ታስታውሳለች። ይህ ግን ማስታወቅ አይደለም። የጣሊያን ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት ማስታወቂያውን የሚያየው እንደ ወሬ ሳይሆን እንደ ውል ሐሳብ ነው። ወራሹ «እሺ» ብሎ በጽሑፍ በመለሰ ጊዜ ሽያጩ የሚቋጭ መሆን አለበት። ስለዚህ ዋጋው፣ የአከፋፈሉ ጊዜና ሌላውም ሁኔታ ተሟልቶ መገኘት አለበት፤ ቤት ስለሆነም በጽሑፍ መሆን አለበት። ወንድም እኅቶቹ ሽያጩን ከጎረቤት መስማታቸው፣ እንዲያውም ገዢውን በዓይናቸው ማየታቸው፣ ማስታወቂያውን አይተካም።

እባካችሁ፣ በስልክና በማዕድ ላይ አትሽጡ። ፖስታ ቤት ገብቶ ራኮማንዳታ መላክ፣ ከመድረሻ ካርዱ ጋር፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ያቺ ተቀባዩ ፈርሞባት የምትመለሰው ትንሽ ካርድ፣ ቀኑ የተመታባት፣ ከደብዳቤው እኩል ዋጋ አላት። ሁለቱ ወር የሚቆጠረው ከእሷ ነውና። ቆጠራው ደግሞ ከመጨረሻው ማስታወቂያ ነው። ለእኅትየው መጋቢት 3፣ ለታናሽየው መጋቢት 20 ቢደርስ፣ ለሁለቱም ጊዜው የሚያበቃው ግንቦት 20 ነው። ቀድሞ የደረሰው ሰው ቀድሞ አይዘጋበትም።

ከአንድ በላይ ወራሽ ልግዛ ካለ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው እንደየድርሻቸው ይካፈሉታል ብሎ ያስባል። የፈረንሳይ ሕግ በመሠረቱ እንደዚያ ነው፤ የጣሊያኑ ግን እኩል ይላል። እናት በሕይወት ብትኖርና ሦስት ልጆች ቢኖሩ፣ ያለ ኑዛዜ እናት ከዘጠኝ ሦስት፣ ልጆቹ እያንዳንዳቸው ከዘጠኝ ሁለት ይወርሳሉ። አንዱ ልጅ ሁለት ዘጠነኛውን ሊሸጥ ቢያስታውቅና እናትና ሁለቱ ልጆች ሁሉም ቢፈልጉ፣ ሁለት ዘጠነኛው ለሦስት እኩል ይከፈላል፤ የእናት ድርሻ ስለበለጠ አይበልጥላትም። አንዱ ብቻ ከፈለገ ግን ሙሉውን መውሰድ አለበት፤ «ግማሹን ልግዛ» ማለት የለም።

ወሰኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። መብቱ የሚነሣው በሽያጭ ነው፤ ድርሻውን በስጦታ ለሰጠ ሰው አይሠራም። ውርሱ ከተከፋፈለ በኋላም የለም። ሦስት ጎረምሶች ገንዘብ አዋጥተው በጋራ ለገዙት ቤትም ይህ አንቀጽ አይደርስም፤ ውርስ አይደለምና። ከሁሉ የሚያሳስተው ደግሞ ይህ ነው፦ ውርሱ ውስጥ ቤት፣ መሬትና ሱቅ እያሉ አንዱ ወራሽ «የሱቁን ድርሻዬን» ብቻ ቢሸጥ፣ የተሸጠው የውርስ ድርሻ ሳይሆን በአንድ ንብረት ላይ ያለ ድርሻ ሊሆን ይችላል። ሱቁ በክፍፍሉ ለሻጩ ካልደረሰ ገዢው ምንም አያገኝም፤ ቅድሚያውም በመሠረቱ አይነሣም። ሻጭና ገዢ ገዢው በውርሱ ውስጥ በወራሹ ቦታ እንዲገባ አስበው እንደነበር ከታየ ግን ነገሩ ይለወጣል። በእኛ ሦስት ልጆች ጉዳይ ግን የቀረው ንብረት አፓርታማው ብቻ ስለነበር ክርክር አልነበረውም፤ የቤቱን አንድ ሦስተኛ መሸጥ የውርሱን አንድ ሦስተኛ መሸጥ ነው።

እኅትየው የመቤዣውን ደብዳቤ ለታላቅየው ልትጽፍ ነበር። ያዝኳት። ደብዳቤው የሚጻፈው ለገዢው ነው፤ ድርሻው አሁን ያለው በእሱ እጅ ነውና። «አንተን አይደለም የምከሰው» ብላ ለአጎቷ ልጅ ደውላ አለቀሰች፤ ከዚያ በጠበቃዋ በኩል ራኮማንዳታውን ላከችለት። ታናሽየው ከአዲስ አበባ በውክልና እኩል እንደሚገባ አስታወቀ።

የአጎታቸው ልጅ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችል ነበር፤ አልሄደም። ኖታዮው ፊት ሲቀመጥ እኔ በመካከል ነበርኩ። ኖታዮው ውሉን ሲያነብ «እስትራኔዮ» የሚለው ቃል ጋ ደረሰ። ቀስ ብዬ «ከወራሾቹ ውጭ የሆነ ሰው» ብዬ ተረጎምኩት፤ «ባዕድ» አላልኩም። እኅትየው 30 ሺህ፣ ታናሽየው 30 ሺህ ዩሮ ከፈሉት፤ ቤቱም የሁለቱ እኩል ሆነ። ሲወጡ እኅትየው የመኝታ ክፍሉን ቁልፍ መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት፤ እዚያ ክፍል ውስጥ አሁንም ይኖራል።