«ማጅራቴን አይላጩኝ»፦ ለፀጉር አስተካካይ የተጻፈ ደብዳቤ

ደብዳቤውን ያሳየኝ ራሱ ፀጉር አስተካካዩ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ዓመት በሙያው የቆየ፣ እኔም ለብዙ ጊዜ ደንበኛው የሆንኩ ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያስተካክለው ጎረምሳ ገብቶ የታጠፈ ወረቀት እጁ ላይ አስቀመጠለትና ወረፋ እንኳ ሳይዝ ወጣ። ወረቀቱ ይህን ይላል፦

«ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ይህን በቃል ያልነገርኩዎት ወረፋ በሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት ስለ ማጅራቴ ማውራት ስላሳፈረኝ ነው። ስምንት ወር ሆነኝ፤ ፀጉሬን በተስተካከልኩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ምላጩ መስመር በሚያወጣበት ቦታ ላይ ያሳክከኛል። ከዚያ ትናንሽ እብጠቶች ይወጣሉ። መጀመሪያ ላይ በሳምንቱ ይጠፉ ነበር። አሁን ግን ስድስቱ ጠንክረው እንደ ሽምብራ ቀርተዋል፤ የሸሚዝ ኮሌታ ሲነካቸው ያመኛል፣ አንዳንድ ጠዋትም ትራሴ ላይ ደም አያለሁ። እናቴ የማሽኑ ቆሻሻ ነው ትላለች። እኔ ግን ማሽኑን በአልኮል ሲጠርጉ ስለማይ እርስዎን ለመውቀስ አልጻፍኩም፤ ሌላ ቤት መሄድም አልፈልግም። የምጠይቅዎት አቆራረጡን ነው። ማጅራቴ ላይ ዜሮውን እንተው? ምላጩንስ? ይህን ብንተው ያልተስተካከልኩ አልመስልም? ምን ብናደርግ እንደሚሻል ይንገሩኝ። አክባሪዎ።»

ሰውየው ወረቀቱን እያሳየኝ፣ «ይህን እብጠት በስንቱ ማጅራት ላይ አይቼ ምላጭ አሳልፌበታለሁ» አለኝ። የከነከነው ይህ ነው። ልጁ የጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነውና መልሱን እዚህ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ችግሩ በሕክምና ስም አለው፤ አክኔ ኬሎይዳሊስ ኑኬ ይባላል። ቪየና ይሠራ የነበረው የቆዳ ሐኪም ሞሪትዝ ካፖሲ በ1869 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ገልጾታል። ስሙ ግን ሁለት ጊዜ ያሳስታል። «አክኔ» የፊት ብጉር ነው፤ ይህ ግን ብጉር አይደለም። «ኬሎይድ» ደግሞ ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ ጠባሳ ነው፤ ይህ እሱም አይደለም። የፀጉር ሥር ተቆጥቶ፣ ቁጣው ሳይበርድ ቆይቶ ወደ ጠባሳ የሚለወጥበት ሕመም ነው። በብዛት የሚይዘው ፀጉራቸው ጥቅልል የሆነ ጥቁር ወንዶችን ሲሆን የሚጀምረውም ከጉርምስና በኋላ ነው። ሴቶችን የሚይዘው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ቆዳው ውስጥ የሚሆነውን ለመረዳት ጥቅልል ፀጉርን ማሰብ ይበቃል። ጥቅልል ፀጉር የሚበቅልበት ቀዳዳ ራሱ ቆልመም ያለ ነው። ፀጉሩ ከቆዳ ጋር እኩል ሲቆረጥ ጫፉ እንደ እሾህ ይሾላል። አስተካካዩ መስመሩ ጥርት እንዲል ቆዳውን በአውራ ጣቱ ወጠር አድርጎ ምላጩን ሲያሳልፍ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ጣቱን ሲያነሳ ቆዳው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ የተቆረጠው ጫፍም ከቆዳው በታች ይቀራል። ፀጉሩ ማደጉን አያቆምምና ወደ ላይ በመውጣት ፈንታ የቀዳዳውን ግድግዳ ይወጋል፤ ወይም ወጥቶ ከታጠፈ በኋላ ተመልሶ ቆዳው ውስጥ ይገባል። ሰውነት የገዛ ፀጉሩን ከውጭ እንደገባ ስንጥር ይቆጥረውና ይዋጋዋል። እብጠቱ፣ ማሳከኩና መግሉ የዚህ ውጊያ ምልክቶች ናቸው። የማጅራቱን ሕመም ማን እንደሚያስነሳው ሐኪሞች ገና ሙሉ በሙሉ ባይስማሙም፣ ከቆዳ ጋር እኩል መቁረጥና በላዩ ላይ ደጋግሞ መፈተግ እንደሚያባብሰው የታወቀ ነው። ውጊያው በአንድ ቦታ ሲደጋገም የፀጉሩ ሥር ይጠፋል፤ በምትኩ ጠንካራ ጠባሳ ይቀራል። የልጁ «ሽምብራ» ይህ ነው።

እናትየው ቆሻሻ ነው ማለታቸው አይገርምም፤ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ይህንኑ ነው። ብዙ ወጣቶች የራሳቸውን ማሽን ገዝተው ይዘው ይመጣሉ፤ እብጠቱ ግን አይቀርም። አዲስና ንጹሕ ማሽንም ቢሆን ፀጉሩን ከቆዳ ጋር እኩል ከቆረጠው የሚሆነው ያው ነው። የራስ ማሽን መያዝ ጥሩ የሚሆነው በሌላ ምክንያት ነው። እብጠቱ ሲነካ ይደማል፤ ያ ደም ማሽኑ ላይ ቀርቶ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ሊሄድ ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ማጅራቱ የሚደማ ሰው የራሱን ማሽን ቢይዝ የሚጠብቀው ሌሎችን ጭምር ነው።

አሁን ወደ አቆራረጡ ልምጣ። ልጁ በየሳምንቱ ይስተካከላል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ በሰባት ቀን ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። ዛሬ በምላጭ የተላጨ ማጅራት በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ሦስት ሚሊ ሜትር አልሞላም፤ ያን ጊዜ ደግሞ እንደገና ይላጫል። ለስምንት ወር ያ ቦታ ለአንድ ሳምንት እንኳ እረፍት አላገኘም ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ለውጥ ማጅራቱ ላይ ምላጭና ዜሮ ማቆም ነው። ማሽኑ ላይ የሚሰካው የፕላስቲክ ማበጠሪያ ቁጥር አንዱ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል፣ ቁጥር ሁለቱ ደግሞ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ፀጉር ይተዋል። ከቁጥር አንድ በታች መውረድ የለበትም፤ እንደዚህ ልጅ እብጠቱ የተቆጣ ከሆነ ደግሞ በሁለት መጀመር ይሻላል። ማሽኑ ፀጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ፣ ቆዳው ሳይወጠርና ሳይጫኑት ይሂድ። አንዱን ቦታ አምስትና ስድስት ጊዜ መመላለስም ቆዳውን ይጎዳል። ስለቱ የደነዘዘ ማሽን ፀጉሩን እየጎተተ ስለሚቆርጥ እሱም መቀየር አለበት።

ሁለተኛው ለውጥ መስመሩ ነው። የልጁ ትልቁ ፍርሃት እዚህ ላይ ስለሆነ አልተቻኮልኩበትም፤ ከአስተካካዩ ጋርም ብዙ ተነጋግረንበታል። ማጅራት ላይ በምላጭ የሚወጣው አራት ማዕዘን ጠርዝ በሁለተኛው ሳምንት ማደፍረሱ አይቀርም፤ ዙሪያው ሲበቅል ጉልህ ሆኖ ይታያል፣ ሰውየውም ቶሎ ለመመለስ ይገደዳል። በምትኩ ፀጉሩ ራሱ በሚያልቅበት ተፈጥሯዊ ወሰን ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ቀስ በቀስ እያሳጠሩ መጨረስ ይቻላል፤ ከላይ ቁጥር ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ ታች አንድ። መጋጠሚያዎቹ በማበጠሪያና በመቀስ ይስተካከላሉ። ጠርዝ ስለሌለው ሲያድግ አይታወቅም፤ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ይቆያል። አስተካካዩ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ያሰበው በወር አራት ጊዜ የሚመጣ ደንበኛ አንድ ጊዜ ብቻ ሊመጣ መሆኑን ነው፤ ይህንንም አልደበቀኝም። ቀጥሎ ግን «ጎኑንና ግንባሩን በየሁለት ሳምንቱ ቢፈልግ አስተካክልለታለሁ፤ ማጅራቱን አልነካም» አለ። ይህ ጥሩ መፍትሔ ነው።

ከተስተካከሉ በኋላ ማጅራት ላይ አልኮል ማፍሰስ የተቆጣውን ቆዳ ያደርቀዋል እንጂ አያድነውም። በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ መሄድ ይበቃል። ቤት ውስጥም እብጠቱን መጭመቅ፣ በመርፌ መውጋት፣ ፀጉሩን በወረንጦ ከሥሩ መንቀል ቁስሉን ጥልቅ ያደርገዋል። የደረቀ ኮሌታና ጠበቅ ያለ የሞተር ሳይክል ቆብም ስለሚፈትጉት ለጊዜው ራቅ ማድረግ ጥሩ ነው።

ልጁ ምን ይጠብቅ? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቆዳ በታች የቀሩት ጫፎች ገና ስላልወጡ አንዳንድ አዲስ እብጠት ሊታይ ይችላል። ብዙ ሰው «ማሳደጉም አልሠራም» ብሎ ወደ ምላጭ የሚመለሰው በዚህ ጊዜ ነው። ለውጡን ለመገመት ሁለት ሦስት ወር ያስፈልጋል። መለኪያውም ቀላል ነው፤ በየወሩ ማጅራቱን በስልክ ፎቶ ማንሳትና አዲስ የወጡትን መቁጠር። አዲሶቹ እየቀነሱ ከሄዱ አቆራረጡ ሠርቷል።

ነገር ግን አቆራረጥ የሚያቆመው የሚመጣውን ነው፤ የደረቁትን ስድስት ሽምብራዎች አያጠፋም። እነሱ የሐኪም ድርሻ ናቸው። የቆዳ ሐኪም እንደ ሁኔታው የሚቀባ ስቴሮይድና ፀረ ባክቴሪያ፣ መግሉ ከበዛ ደግሞ ለሳምንታት የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን ያዛል። የጠነከሩት ውስጥ ትራያምሲኖሎን የተባለ መድኃኒት በመርፌ ሲሰጥ እየሟሸሹ ይሄዳሉ፤ የጠፋው የፀጉር ሥር ግን አይመለስም። ብዙዎቹ ተጋጥመው አንድ ትልቅ ጠፍጣፋ ጠባሳ ከሆኑ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግ ይሆናል። እዚያ እስኪደርስ መቆየት ለምን እንደማይገባ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ የሚገዛ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ለወራት መቀባትም ቆዳን ያሳሳል፤ ይህን ያየሁት በቅርብ ዘመዴ ላይ ስለሆነ አጥብቄ እናገራለሁ።

ማጅራት ላይ የወጣ ሁሉ ይህ ሕመም አይደለም። አንድ ብቻ ሆኖ የሚያብጥ፣ ትኩስና በጣም የሚያም ከሆነ ቡግንጅ ሊሆን ይችላል። ክብ ሆኖ የሚቀረፍና ፀጉሩን የሚሰባብር ከሆነ ደግሞ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ትኩሳት ካለ፣ መቅላቱ ወይም ማበጡ እየሰፋ ከሄደ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

አስተካካዩ መልሱን የጻፈው በዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። «ልጄ፣ ማጅራትህን በቁጥር ሁለት፤ ምላጭ የለም፤ መስመር የለም። ሐኪም ዘንድም ሂድ። ማክሰኞ ጠዋት ሰው የለም፣ ያን ጊዜ ና።»

እናንተም ማጅራታችሁ ላይ እንዲህ ያለ እብጠት ካለ፣ አስተካካዩ ማሽኑን ከማንሳቱ በፊት ንገሩት። ማፈር ካስቸገራችሁ ጻፉለት።