በጠፍጣፋ ሥዕል ላይ ርቀትን መሥራት

እ.ኤ.አ. በ1957 ዋልት ዲዝኒ በቴሌቪዥን ፕሮግራሙ ላይ ለተመልካቾቹ አንድ ችግር አሳይቶ ነበር። በጨረቃ ብርሃን የደመቀ የገጠር ቤት የተሣለበት ወረቀት አለ። ካሜራው ወደ ሥዕሉ ሲጠጋ ቤቱ ይተልቃል። እዚህ ላይ ስህተት የለም። ግን ጨረቃዋም አብራ ትተልቃለች። ወደ አንድ ቤት በእግራችን ብንጠጋ ቤቱ እየገዘፈ ይመጣል እንጂ ጨረቃ መጠኗን አትቀይርም። ቤቱም ጨረቃዋም በአንድ ወረቀት ላይ ስለተሣሉ ካሜራው ሊለያቸው አልቻለም።

የዲዝኒ ስቱዲዮ ለዚህ መፍትሔ ያገኘው ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። ሥዕሉን ቆራርጦ በተለያዩ መስታወቶች ላይ መሣል፣ መስታወቶቹን አንዱን ከሌላው በላይ በርቀት መደርደር፣ ካሜራውን ከላይ ሰቅሎ ቁልቁል እንዲያይ ማድረግ። እያንዳንዱ መስታወት ለብቻው ይንቀሳቀሳል። ሐሳቡ ከዲዝኒ በፊትም ነበር፤ ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር እ.ኤ.አ. በ1926 ባወጣችው የልዑል አህመድ ፊልሟ ላይ የተደራረቡ መስታወቶችን ተጠቅማለች። የዲዝኒው ትልቅ መሣሪያ የተፈተነው በ1937 «አሮጌው ወፍጮ» በተባለው አጭር ፊልም ሲሆን፣ ፊልሙ ኦስካር አሸንፏል። ዛሬ መስታወቱን ኮምፒውተር ተክቶታል። ሠዓሊዎች ሌየር የሚሏቸው ድርብርብ ሥዕሎች ግን አሁንም የሚሠሩት በዚያው ሕግ ነው።

ሕጉን በአውቶቡስ መስኮት በኩል የተመለከተ ሁሉ ያውቀዋል። የመንገድ ዳር ምሰሶ ሽው ብሎ ያልፋል፤ ማሳው ቀስ ይላል፤ ተራራው አብሮን የሚሄድ ይመስላል። ይህ ልዩነት ፓራላክስ ይባላል፤ ስሌቱም ቀላል ነው። ካሜራው ወደ ጎን ሲሄድ አንድ ነገር በስክሪኑ ላይ የሚንሸራተተው ከርቀቱ በተቃራኒ ነው። ርቀቱ እጥፍ ከሆነ መንሸራተቱ ግማሽ ይሆናል፤ አሥር እጥፍ ከሆነ አንድ አሥረኛ። ወደፊት ለመጠጋትም መነሻው ያው ርቀት ነው። ካሜራው 20 ሜትር ርቆ ወደሚገኝ ቤት 10 ሜትር ቢጠጋ ቤቱ እጥፍ ይሆናል። 2000 ሜትር ርቆ ያለው ተራራ ግን የሚያድገው በመቶ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ጨረቃዋ ምንም አትሆንም።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ታዲያ ስሌቱ ከብዷቸው ሳይሆን የሥራውን ቅደም ተከተል ገልብጠው ነው። መጀመሪያ ውብ ሥዕል ይሥላሉ፤ ቀጥለው «ካሜራውን እናንቀሳቅሰው» ይላሉ። ያን ጊዜ ሥዕሉ ጠርዝ ላይ ያልቅባቸዋል፤ ከቤቱ ኋላ ምንም ያልተሣለበት ባዶ ቦታ ብቅ ይላል። መቅደም ያለበት የካሜራው ጉዞ ነው። የእያንዳንዱን ሥዕል ስፋት የሚወስነው እሱ ነውና።

አንድ ትዕይንት ከመጀመሪያው እንሥራ። አንድ ነጋዴ አህያውን እየነዳ በመንደር መንገድ ላይ ይሄዳል። ካሜራው ከጎኑ ሆኖ እኩል ይከተለዋል። ስክሪናችን 1920 ፒክስል ይሰፋል፤ ትዕይንቱ 6 ሰከንድ ይፈጃል፤ በሰከንድ 24 ፍሬም ስለምንጠቀም በጠቅላላው 144 ፍሬም አለን። መንገዱ ከካሜራው 10 ሜትር ይርቃል እንበል። ከመንገዱ ኋላ 20 ሜትር ላይ ጎጆዎች፣ 80 ሜትር ላይ የባሕር ዛፍ ረድፍ፣ 2000 ሜትር ላይ ተራራ፣ ከዚያ ሰማይ አለ። ከመንገዱ በፊት፣ ለካሜራው ቅርብ፣ 5 ሜትር ላይ የቁልቋል አጥር እናደርጋለን።

በስድስቱ ሰከንድ መንገዱ 960 ፒክስል እንዲንሸራተት ወሰንን። ይህ የስክሪኑ ግማሽ ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ ቁጥር ይወጣል። ጎጆዎቹ እጥፍ ስለሚርቁ 480 ፒክስል ይሄዳሉ፤ ባሕር ዛፉ ስምንት እጥፍ ስለሚርቅ 120፤ ተራራው ወደ 5 ፒክስል ብቻ። ቁልቋሉ በግማሽ ርቀት ላይ ስላለ 1920 ፒክስል ይሮጣል። አሁን የሥዕሎቹን ስፋት እናውቃለን፤ በእያንዳንዱ ላይ የስክሪኑን 1920 መደመር ነው። የመንገዱ ሥዕል 2880፣ የጎጆዎቹ 2400፣ የባሕር ዛፉ 2040፣ የቁልቋሉ 3840 ፒክስል መስፋት አለበት። ከዚህ በላይ በሁለቱም ጠርዝ ትንሽ ትርፍ መተው ይመከራል፤ ዳይሬክተሩ ነገ ካሜራውን ትንሽ አስረዝሙት ማለቱ አይቀርምና።

ተራራው 5 ፒክስል ብቻ የሚሄድ ከሆነ ከሰማዩ ጋር በአንድ ሌየር ላይ ቢሣል ማንም አይለየውም። አንዳንዶች ግን ሆን ብለው ሃያ ወይም ሠላሳ ፒክስል ያንቀሳቅሱታል፤ በስሌት ስህተት ቢሆንም ለዓይን ደስ ይላል። ማጭበርበር የሚቻለው እንዲህ በሩቁ ላይ ነው። በእግር አካባቢ ግን አይቻልም።

የነጋዴውን እግር እንመልከት። መንገዱ በአንድ ፍሬም 6.7 ፒክስል ያህል ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሰውየው በሰከንድ ሁለት ጊዜ ቢራመድ አንድ እርምጃ 12 ፍሬም ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ መንገዱ 80 ፒክስል ይሄዳል። ስለዚህ የእርምጃው ርዝመት በሥዕሉ ላይ 80 ፒክስል መሆን አለበት፤ መሬት የረገጠው እግርም ከመንገዱ ጋር በዚያው ፍጥነት ወደ ኋላ መሄድ አለበት። እርምጃው 60 ፒክስል ሆኖ ከተሣለ ሰውየው በሳሙና ላይ የሚንሸራተት ይመስላል። ይህን ለማጣራት ሌላውን ሁሉ ደብቆ እግሩንና መንገዱን ብቻ፣ ፍሬም በፍሬም እያለፉ ማየት ነው። የረገጠው እግር አጠገቡ ካለው ጠጠር ከራቀ ስህተት አለ።

ሁለተኛው አደገኛ ቦታ ሁለት ሌየሮች መሬት ላይ የሚገናኙበት ነው። በእኛ ትዕይንት ጎጆዎቹና መንገዱ በስድስት ሰከንድ ውስጥ የ480 ፒክስል ልዩነት ያመጣሉ። የጎጆው ጥላ መንገዱ ላይ ከተሣለ በትዕይንቱ መጨረሻ ጥላው ከጎጆው ተለይቶ ሌላ ቦታ ይገኛል። ጥላ ሁልጊዜ ከባለቤቱ ጋር በአንድ ሌየር ላይ ይቀመጥ፤ መንገዱ ድረስም አይድረስ። በጎጆዎቹ ደጅ ያለው ሣር የመንገዱን ጠርዝ በሚነካበት መስመር ላይም ሣሩ ሲንሸራተት ይታያል። ልምድ ያላቸው ሠዓሊዎች ይህን መስመር አያጋልጡትም። ቁጥቋጦ፣ የድንጋይ ካብ ወይም ትንሽ ጉብታ በመንገዱ ሌየር ላይ ሥለው ይሸፍኑታል። መሬቱ ከጉብታው ኋላ ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ተመልካቹም መገናኛውን አይፈልገውም።

የተሸፈነው ቦታም መሣል አለበት። ጎጆዎቹ ከባሕር ዛፉ ይልቅ 360 ፒክስል ያህል ስለሚሮጡ፣ በመጀመሪያው ፍሬም ከጎጆው ጀርባ የተደበቀው ዛፍ ኋላ ላይ ይገለጣል። ስለዚህ ባሕር ዛፉ ጎጆ እንደሌለ ተቆጥሮ ሙሉውን ይሣላል። ጎጆው ሲቆረጥ በዙሪያው የቀረ ቀጭን ነጭ መስመርም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቆሞ ሲታይ አያስታውቅም፤ ሲንቀሳቀስ ግን ጎጆውን ከካርቶን የተቆረጠ ያስመስለዋል። ሌየሩን በጥቁርና በደማቅ ቀይ መደብ ላይ አድርጎ ማየት ወዲያው ያጋልጠዋል።

ቀለሙም ርቀትን መናገር አለበት። ሩቅ ያለው ሌየር እየፈካ፣ ጨለማና ብርሃኑ እየተቀራረበ፣ ዝርዝሩ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቅርብ ያለው ይጨልማል። በ1942 የወጣው «ባምቢ» ላይ የሠራው ቻይና አሜሪካዊው ሠዓሊ ታይረስ ዎንግ ይህን ከማንም በላይ ያሳያል። ቅጠል በቅጠል ከመዘርዘር ይልቅ ጫካውን በጉም አለስልሶ፣ ዝርዝሩን አጋዘኑ ባለበት አካባቢ ብቻ አስቀመጠ። ለእኛ ትዕይንት ይህ ማለት በጎጆዎቹና በባሕር ዛፉ መካከል ስስ የጭስ ወይም የጉም ሌየር ማስገባት ነው። ሁለቱን ሌየሮች ለዓይን ያራርቃቸዋል፤ ጠርዛቸውንም ያለሰልሳል።

የቁልቋል አጥሩ የራሱ ጣጣ አለው። በሰከንድ 320 ፒክስል ስለሚሮጥ ስክሪኑን በ6 ሰከንድ ያቋርጣል። የፊልም ካሜራ ሰዎች በልምድ እንደሚሉት በ24 ፍሬም አንድ ነገር ስክሪኑን ከ7 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ካቋረጠ ዓይን መንቀጥቀጥ ይሰማዋል፤ በተለይ ቀጥ ያለና ጠርዙ የጠራ ነገር ከሆነ። ስለዚህ ቁልቋሉ ይደብዝዝ፣ ዝርዝር አይኑረው፣ እየቆየ አንዴ ብቻ ይለፍ። ባሕር ዛፉ ደግሞ ተቃራኒ ችግር አለበት። በአንድ ፍሬም ከአንድ ፒክስል በታች ስለሚሄድ ቀጫጭን ግንዶቹ በጣም ከጠሩ ይርገበገባሉ። ትንሽ ማለስለስ ይበቃል።

ይህን ሁሉ ከሥዕል በፊት መፈተን ይቻላል። በአፍተር ኢፌክትስ ወይም በብሌንደር ለእያንዳንዱ ሌየር አንድ ግራጫ ቅርጽ ተደርጎ በየርቀቱ ይቀመጣል፤ ካሜራው ሲንቀሳቀስ ፕሮግራሙ ራሱ ስሌቱን ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ መታወቅ አለበት፤ እጥፍ የራቀ ሌየር በስክሪኑ ላይ ግማሽ ስለሚያህል እጥፍ ተደርጎ መተለቅ ይኖርበታል። ካሜራው የሚጠጋ ከሆነ ደግሞ ሥዕሉ መሠራት ያለበት በመጨረሻው ፍሬም በሚታየው መጠን ነው። እጥፍ የሚሆነው ቤት በመነሻው መጠን ከተሣለ መጨረሻ ላይ ይደበዝዛል።

ዘዴው የማይችለውም አለ። ካሜራው ጎጆውን ዞሮ ጎኑን እንዲያሳይ ከተፈለገ የሌየር ብዛት አይረዳም፤ ያልተሣለ ጎን አይታይምና። ያ ሌላ ሥዕል ወይም ሦስት አውታር ያለው ሞዴል ይጠይቃል። ወደ ጎን ለመሄድና ወደፊት ለመጠጋት ግን አምስት ስድስት ሌየር ይበቃል። ይህን ሥራ መሞከር የምትፈልጉ ሁሉ፣ ቀለም ከመንካታችሁ በፊት ካሜራው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ጻፉ፤ የእያንዳንዱን ሌየር ርቀትና ስፋት አስሉ፤ በግራጫ ቅርጽ አጫውታችሁ እግሩና መገናኛው ካልተንሸራተቱ ብቻ መሣል ጀምሩ።