ካርድ ያለው አይወስድም

እንግሊዝኛ ፈተና ላይ «ባዶ ቦታውን ሙሉ» የሚለው ክፍል ሲመጣ «ኢፍ» የሌለባቸው የሁኔታ ዓረፍተ ነገሮች ብዙ ተማሪ ይጥላሉ። ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ደግሞ ከራሳችን ከአማርኛው ነው።

አንድ የቤተ መጻሕፍት ማስታወቂያ እንውሰድ፦ «ዩ ካንት ቴክ ዘ ቡክ ___ ዩ ሃቭ ኤ ካርድ»። ካርድ ከሌለህ በስተቀር መጽሐፉን መውሰድ... አይደለም፣ ቆይ፤ እዚሁ ላይ ነው የምንደናቀፈው። ሐሳቡ «ካርድ ከሌለህ መውሰድ አትችልም» ነው፤ ባዶ ቦታውን የሚሞላውም «አንለስ»። ተማሪው ግን በአማርኛ «ከሌለህ» ብሎ አስቦታልና «አንለስ ዩ ዶንት ሃቭ ኤ ካርድ» ብሎ ይጽፋል። አማርኛ አሉታውን ግሱ ላይ ይለጥፋል፤ «አንለስ» ግን አሉታውን በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው። «ዶንት» ሲታከልበት ትርጉሙ ይገለበጥና ቤተ መጻሕፍቱ ካርድ ያለውን ከልክሎ ለሌለው የሚያውስ ይሆናል።

የጊዜውም ነገር እንዲሁ ነው። ስለ ነገ ስናወራ «ካልዘነበ» እንላለን፤ ቅርጹ የኃላፊ ነው። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ የአሁን ጊዜን ይፈልጋል፦ «አንለስ ኢት ሬይንስ»። «ሬይንድ» ም «ዊል ሬይን» ም አይሆንም።

አንዳንድ አስጠኚዎች «የመጀመሪያው ክፍል አሉታ ከሆነ አንለስን ምረጥ» ይላሉ። እኔ አላምነውም። «አይል ዎክ ሆም ___ ኢት ሬይንስ» የሚለውን ተመልከቱ፤ አሉታ የሚባል የለበትም፣ መልሱ ግን «አንለስ» ነው። መጠየቅ ያለበት ሁለተኛው ክፍል ነገሩን ያስቀረዋል ወይስ ይፈቅደዋል የሚለው ነው። ዝናብ በእግር መሄዱን ያስቀራል። «ኢት ሬይንስ» በ«ኢት ስቴይስ ድራይ» ቢተካ፣ ማለትም ዝናብ ሳይዘንብ ቢቆይ፣ መንገዱ ክፍት ነውና «አዝ ሎንግ አዝ» ወይም «ፕሮቫይድድ ዛት» ይገባል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይተካካሉ፤ «ፕሮቫይድድ ዛት» ትንሽ የውልና የደንብ ጠረን አለው። ከባዶ ቦታው ቀጥሎ «ዛት» ታትሞ ከሆነ ግን «አዝ ሎንግ አዝ» እሱን ስለማያስከትል «ፕሮቫይድድ» ብቻ ነው የሚሞላው።

«አዘርዋይዝ» ከእነዚህ ይለያል። የኛ «ያለበለዚያ» ነው፤ ሁኔታው ቀድሞ በሌላ ዓረፍተ ነገር ተነግሮ ያልቃል፣ እሱ የሚያመጣው መዘዙን ነው፦ «ብሪንግ ዩር ካርድ። ___፣ ዩ ካንት ቴክ ዘ ቡክ።» ከባዶ ቦታው በፊት ነጥብ፣ ወዲያው ከኋላው ኮማ ካለ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ባዶ ቦታው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ኮማው ከ«ዩ ሃቭ ኤ ካርድ» በኋላ ከመጣ ግን ወደ «አንለስ» ተመልሰናል።