የላይኞቹ ዛሬም አላስተኙንም

ያከራየ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ስልክ አለች። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ትደወላለች። «ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት ስለደወልኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የላይኞቹ ዛሬም አላስተኙንም።» አብዛኛው አከራይ ወዲያው ወደ ላይኛው ፎቅ ይደውልና «ታች ያሉት ተማረዋል፣ እባካችሁ ቀስ በሉ» ብሎ ይተኛል። ያቺ ሌሊት ጸጥ ብላ ታልፋለች። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ሁለቱ ተከራዮች ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ሰላምታ የለም። ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ የላይኛዋ ትደውላለች፦ «እሷስ ብትሆን ቴሌቪዥኗን የምትከፍተው ለሰፈሩ ሁሉ ነው፤ ልጆቼ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ትደበድባለች።» አከራዩ አሁን ሁለት ከሳሽ አለው፣ የሚያውቀው ነገር ግን የለም።

ስህተቱ የተፈጠረው በመጀመሪያው ስልክ ነው። የሰማው ድምፅ ሳይኖር፣ ከየት እንደመጣም ሳያጣራ፣ የአንዷን ምሬት ለሌላዋ አደረሰ። የድምፅ ቅሬታ ሲደጋገም አከራይ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳይሆን ድምፁ ምን ዓይነት እንደሆነ ነው።

ለማሳያ አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ የሚገኝ ዓይነት ባለ ሁለት ፎቅ የኪራይ ቤት እናስብ። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ኮንክሪት ላይ የተነጠፈ ሴራሚክ ነው። አንደኛ ፎቅ ላይ በፈረቃ የምትሠራ ነርስ ትኖራለች። ከእሷ በላይ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት አሉ። ጣሪያው ላይ ሮቶ ተቀምጧል፤ ውኃ የሚገፋለት ዲናሞ ደግሞ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ነው።

እዚህ ቤት ውስጥ ድምፅ በሁለት መንገድ ይጓዛል። አንደኛው በአየር ነው፦ ወሬ፣ ቴሌቪዥን፣ ስፒከር። ይህ ክፍተት ይፈልጋል። በበር ሥር፣ በመስኮት ጠርዝ፣ ባልተለሰነ ብሎኬት በኩል ይገባል። ሁለተኛው በህንፃው አካል ውስጥ የሚሄደው ነው፦ ሙቀጫ፣ የሚጎተት ወንበር፣ ሩጫ፣ የሚንቀጠቀጥ ማሽን። ይህን በር መዝጋት አያቆመውም፤ ምክንያቱም ራሱ ወለሉ ተመትቶ ነው የሚጮኸው፣ የታችኛው ሰው ጣሪያ የላይኛው ሰው ወለል ነውና። በአየር የሚመጣውን ድምፅ ቀንስ ማለት ይቻላል። ወለል የሚመታውን ግን ሰውየው እንደሚረብሽ እንኳ ላያውቅ ይችላል፤ ላይ ቤት ሆኖ ሲሰማው ኢምንት ነዋ። «እኛ ምንም አላደረግንም» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ውሸት አይደለም።

እግረ መንገዴን፣ ግድግዳ ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፎ ድምፅ ለማስቀረት የሚሞክር ሰው አሁንም አለ። ካርቶኑ ክፍሉ ውስጥ ያለውን የገደል ማሚቶ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ከጎረቤት የሚመጣውን አያግድም። ድምፅ የሚያግደው ክብደትና የተደፈነ ክፍተት ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። አከራዩ ለሁለቱም ወገን አንድ አንድ ወረቀት ሰጥቶ ለሁለት ሳምንት እንዲመዘግቡ ይጠይቃል፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ድምፁ ምን እንደሚመስል፣ ምን ያህል እንደቆየ። «ማን አደረገው» የሚል ዓምድ አይኖርም፤ ይህ ዋና ነገር ነው። ከሳሽም ተከሳሽም እኩል ስለሚጽፉ የላይኞቹ አይቀየሙም። መመዝገብ የማይፈልግ ሰው ካለም እሱም አንድ ነገር ይናገራል።

የነርሷ ወረቀት ሦስት ነገር ያሳያል። ጠዋት ሁለት ሰዓት አካባቢ «ዱ፣ ዱ፣ ዱ»፣ አምስት ደቂቃ ገደማ። ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ሩጫ። ሌሊት ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሳምንት ሁለት ሦስቴ «ጉርርር» የሚል ረጅም ድምፅ፤ አጠገቡ «ሌሊት ልብስ በማሽን ያጥባሉ» ብላ ጽፋለች። የላይኞቹ ወረቀት ደግሞ ሲታይ፣ በእነዚያው ሌሊቶች፣ በዚያው ሰዓት፣ ያው «ጉርርር» አለ። እነሱ ከነርሷ ቤት የሚመጣ መስሏቸዋል።

ሁለቱ ሲወነጃጀሉ የከረሙበት ድምፅ የአከራዩ የራሱ ዲናሞ ነበር። ውኃ በፈረቃ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ውኃው ሲመጣ ጥበቃው ዲናሞውን ያስነሳል። ዲናሞው በብሎን ከኮንክሪት ጋር ታስሯል፤ ከእሱ የሚወጣው የብረት ቧንቧ ደግሞ በግድግዳው ላይ በክላምፕ እየተያዘ እስከ ጣሪያ ይወጣል። ንዝረቱ ቧንቧውን ተከትሎ በየፎቁ ይሰማል፣ ሰው ግን ድምፅ ሲሰማ የሚጠረጥረው ቅርብ ያለውን ጎረቤት ነው። ማረጋገጡ ቀላል ነው። አንድ ሰው ነርሷ ቤት ሆኖ በስልክ እየተነጋገረ ሌላው ዲናሞውን ያጠፋል፣ ያበራል። እጅን ቧንቧው ላይ ማሳረፍም ብዙ ይነግራል።

መፍትሔውም የአከራዩ ነው። ከዲናሞው ሥር ወፍራም ጎማ ይገባል፤ ብሎኑም በጎማ ዋሸር መለየት አለበት፤ ካልሆነ ንዝረቱ ጎማውን ዘሎ በብሎኑ በኩል ይወርዳል። ብዙ ባለሙያ የሚረሳት እሷን ነው። በዲናሞውና በብረቱ ቧንቧ መካከል አጭር ተጣጣፊ ቱቦ ይገባል፣ ክላምፖቹም ጎማ ይለብሳሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰዓቱን መቀየር ነው። ምድር ላይ ሌላ ሮቶ ካለ፣ ሌሊት የሚመጣው ውኃ በራሱ ግፊት እዚያ ይጠራቀማል፤ ዲናሞው ወደ ላይ የሚገፋው ሰው ከተነሳ በኋላ ይሆናል።

የቀሩት ሁለት ድምፆች የተከራዮቹ ናቸው። አከራዩ አሁን ታች ሆኖ ሲሰማ ላይ ቤት ቡና ይወቀጣል። ሙቀጫው ባዶ ሴራሚክ ላይ፣ ከዚያም የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ወይም ወፍራም ጎማ ላይ፣ ከዚያም ከክፍሉ መሀል ወደ ጥግ፣ ቋሚው ወዳለበት ተጠግቶ ይሞከራል። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀየረው፣ አለዚያ የቱ እንደረዳ አይታወቅም። ጎማውና ጥጉ አብዛኛውን ጊዜ ለውጥ ያመጣሉ። የላይኛዋ ሴት ደግሞ ታች ወርዳ ራሷ መስማት አለባት። አንድ ጊዜ ከሰማች በኋላ የአከራዩ ልመና አያስፈልግም።

የነርሷ ችግር የሰዓትም ነው። ሌሊት አድራ ስትመጣ የምትተኛው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ ለላይኞቹ ያ ሰዓት ቡና የሚፈላበት ነው። ቀን ላይ ቡና የወቀጠን ቤተሰብ ማንም ጥፋተኛ አይለውም። ስለዚህ ነርሷ የወሩን ፈረቃዋን ጽፋ ትሰጣቸዋለች፣ በእነዚያ ቀናት ቡናው ማታ ይወቀጥላታል ወይም የተፈጨ ይገዛል። የልጆቹ ሩጫ ላይ ግን ልከኛ መሆን ያስፈልጋል። ሳሎኑ ላይ ሥሩ ስፖንጅ ያለው ምንጣፍ፣ ቤት ውስጥ ጫማ ማውለቅ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ኳስ አለመጫወት፤ እነዚህን መጠየቅ ይቻላል። ልጅ አይሩጥ፣ ሕፃን አያልቅስ የሚል ደንብ ግን የሚያወጣው አከራይ የራሱን ተሰሚነት ነው የሚያቃልለው።

ይህን ሁሉ ለመስማማት ሁለቱን ለየብቻ አነጋግሮ፣ ከዚያ አንድ ላይ፣ ከሁለቱም ቤት ውጪ ማስቀመጥ ይሻላል። የዲናሞው ነገር ከሁሉ በፊት ይነሳል፤ አከራዩ «የእኔው ነበር» ሲል የሌሎቹም ምላስ ይለዝባል። የተስማሙበት አንድ ገጽ ተጽፎ ሦስቱም ይፈርማሉ፣ ከወር በኋላም አከራዩ ሳይጠራ መጥቶ ይጠይቃል።

ሕጉስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና በላይ በሆነ ጭስ፣ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፣ ሲመዘንም የአካባቢው ልማድ ይታያል። የአካባቢ ጥበቃ ደረጃው ደግሞ ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት 45 ዴሲቤል ያስቀምጣል። ይህ ቁጥር ለሰፈር ጭፈራ ቤት ይጠቅማል፣ ለሙቀጫ ግን ብዙም አይረዳም፤ አጭር ምት በአማካይ ሲለካ ትንሽ ሆኖ ሳለ ሰውን ከእንቅልፉ ያነቃል። የስልክ መለኪያም «ትናንት ከዛሬ» ለማወዳደር እንጂ ለማስረጃነት አይበቃም።

ስምምነት የማይገባው ተከራይም አለ። በየሌሊቱ ስፒከር የሚከፍት፣ ሲነገረው የሚጨምር። እዚህ ላይ ምዝገባው ሌላ ሥራ ይሠራል። አከራዩ ቀንና ሰዓት የተጠቀሰበት ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል፣ ኮፒው ላይ መቀበሉን ያስፈርማል፤ እምቢ ካለ በምስክር ፊት ይሰጠዋል። ሌሊት የተነሳ ረብሻ የፖሊስ ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ስለዚህ «ከነገ ጀምሮ ልቀቅ» የሚባል ነገር የለም። ኪራይ በመጨመር መቅጣት፣ መብራት መቁረጥ፣ ቁልፍ መቀየር አከራዩን ራሱን ተከሳሽ ያደርገዋል። ወረዳም ሆነ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚጠየቀው የተፈረመው ወረቀት ነው። ሲፈራረሙ ውሉ ውስጥ ስለ ጸጥታ ሰዓት አንድ አንቀጽ ተጽፎ ከነበረ ክርክሩ ያጥራል።

ሁሉ ተደርጎም የማይሆንለት ሰው አለ፤ በቀን መተኛት ያለበት፣ እንቅልፉ ቀላል የሆነ። ለእሱ የሚበጀው ላይኛው ፎቅ ሲለቀቅ ለውጭ ሰው ከመከራየቱ በፊት እሱን መጠየቅ ነው። ከላዩ ሰው አይኖርምና። ግን ቁልፉን ከመስጠት በፊት አከራዩ ሮቶው ሲሞላ እዚያ ክፍል ገብቶ ያዳምጥ፤ የሚፏጭ ቫልቭ ካለ አስቀድሞ ይቀየር።