ፓምፕ ኤንድ ደምፕ (ክሪፕቶ ገንዘብ)

ፓምፕ ኤንድ ደምፕ ማለት አንድ ቡድን የአንድን ንብረት ዋጋ ሆን ብሎ በማናር፣ ዋጋው ጫፍ ሲደርስ አስቀድሞ በርካሽ የገዛውን ለሌሎች ሸጦ የሚወጣበት የገበያ ማጭበርበር ዓይነት ነው። ስያሜው በአማርኛ ሲፈታ «ነፍቶ መጣል» እንደ ማለት ነው። ዘዴው ክሪፕቶ ገንዘብ ከመፈጠሩ በፊት በርካሽ የኩባንያ አክሲዮኖች ላይ ሲሠራበት የቆየ ነው። በክሪፕቶ ገበያ በብዛት የሚታየው ግን ጠቅላላ የገበያ ዋጋቸው አነስተኛ በሆኑና ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚገበያዩባቸው ኮይኖች ላይ ነው።

የተቀነባበረ ፓምፕ በሁለት ቦታ አሻራውን ይተዋል፤ አንዱ በዋጋው ቻርት ላይ ሲሆን ሌላው በማኅበራዊ ሚዲያ ወሬው ውስጥ ነው። ሁለቱን በየፊናቸው ማየት ብዙ ጊዜ ያሳስታል። በይበልጥ የሚያጋልጠው የሁለቱ የጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ ይኸውም ግዢው ከወሬው መቅደሙ ነው።

== ለምን በትንንሽ ኮይኖች ላይ? ==

በመገበያያ መድረኮች ላይ ለእያንዳንዱ ኮይን የትእዛዝ መዝገብ አለ። በመዝገቡ አንድ ወገን ሻጮች በምን ዋጋ ስንት ኮይን ለመሸጥ እንደሚፈልጉ ይሰፍራል፤ በሌላው ወገን ደግሞ ገዢዎች ለመክፈል የተዘጋጁት ዋጋ ይሰፍራል። ቻርቱ ላይ የሚታየው «ዋጋ» ግብይቱ መጨረሻ የተፈጸመበት ዋጋ ብቻ ነው።

ለምሳሌ በ1 የአሜሪካ ሳንቲም የሚሸጥ፣ በጠቅላላው 100 ሚሊዮን ኮይን በገበያ ላይ ያለው አንድ ምናባዊ ኮይን እንውሰድ። የገበያ ዋጋው ድምር 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። በመዝገቡ የሻጮች ወገን ላይ 10,000 ኮይን በ1 ሳንቲም፣ 10,000 በ1.2 ሳንቲም፣ 10,000 በ1.5 ሳንቲም፣ እንዲሁም 10,000 በ2 ሳንቲም ቀርቧል እንበል። አንድ ሰው አራቱንም ጠርጎ ለመግዛት የሚያስፈልገው 100፣ 120፣ 150 እና 200 ዶላር፣ በድምሩ 570 ዶላር ነው። በዚህ ገንዘብ የመጨረሻው ዋጋ 2 ሳንቲም ይሆናል፤ የገበያ ዋጋው ድምርም በወረቀት ላይ 2 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። ወደ ገበያው የገባው ግን 570 ዶላር ብቻ ነው።

ይኸው ሰው ወዲያው ልሽጥ ቢል ሌላ ነገር ይገጥመዋል። በገዢዎች ወገን ላይ 10,000 ኮይን በ0.9፣ 10,000 በ0.8፣ 10,000 በ0.6 እና 10,000 በ0.4 ሳንቲም የሚገዙ ብቻ ካሉ፣ 40,000 ኮይኑን ሸጦ የሚያገኘው 270 ዶላር ነው። ከግማሽ በላይ ገንዘቡን ያጣል። ስለዚህ ዋጋን ማናር ቀላል ቢሆንም፣ ትርፉን ጥሬ ገንዘብ ማድረግ የሚቻለው በከፍተኛው ዋጋ የሚገዛ ሌላ ሰው ሲገኝ ብቻ ነው። የወሬው ሥራ ይህን ገዢ ማምጣት ነው።

== የቻርቱ ቅርጽ ==

የፓምፕ ቻርት ብዙውን ጊዜ አራት ክፍል አለው።

የመጀመሪያው ክፍል ክምችት ነው። አዘጋጆቹ ከማስታወቂያው ሰዓታት ወይም ቀናት አስቀድመው ዋጋውን ሳያስደነግጡ ጥቂት በጥቂት ይገዛሉ። በቻርቱ ላይ ዋጋው ጠፍጣፋ ወይም በጥቂቱ ወደ ላይ ያዘነበለ ሆኖ ሳለ፣ ከሥሩ ያሉት የግብይት መጠን ዘንጎች ያለ ምንም ዜና አልፎ አልፎ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ይረዝማሉ።

ሁለተኛው ክፍል ቀጥ ያለው አቀበት ነው። በየደቂቃው በተከፋፈለ ቻርት ሲታይ አንድ ወይም ሁለት ረጃጅም አረንጓዴ ካንድሎች ከጠፍጣፋው መስመር እንደ ግንብ ይነሣሉ። መካከል ላይ የዋጋ ማረፊያ አይኖርም፤ ገዢዎቹ ዋጋ ሳይጠይቁ የተገኘውን ሁሉ ስለሚጠርጉ ነው።

ሦስተኛው ክፍል ቁልቁለቱ ነው። የግብይት መጠኑ ከፍተኛ የሚሆነው በዚሁ የጫፍ ሰዓት አካባቢ ነው፤ የሚገዙትም የሚሸጡትም እዚያ ይገናኛሉና። በየቀኑ በተከፋፈለ ቻርት ሙሉው ታሪክ በአንድ ካንድል ውስጥ ይጨመቃል። ካንድሉ አጭር አካልና ወደ ላይ የተወነጨፈ ረጅም ክር ይኖረዋል። ክሩ ዋጋው እዚያ ደርሶ እንዳልቆየ ያሳያል። የቀን ቻርት ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ክር በቀላሉ ያልፈዋል፤ ስለዚህ በተጠረጠረው ቀን ላይ ወደ ደቂቃ ቻርት መውረድ ያስፈልጋል።

አራተኛው ክፍል ዝምታ ነው። ዋጋው ወደ መነሻው ወይም ከዚያ በታች ይመለሳል፤ ግብይቱም ይቆራረጣል።

== የወሬው ቅርጽ ==

በቴሌግራምና በዲስኮርድ የሚዘጋጁ ፓምፖች ተመሳሳይ ሥርዓት ይከተላሉ። ከቀናት በፊት ቀኑ፣ ሰዓቱና የመገበያያ መድረኩ ይነገራል፤ የኮይኑ ስም ግን ይደበቃል። ሰዓቱ ሲቃረብ በየተወሰነ ደቂቃ የቆጠራ መልእክት ይለቀቃል። በመጨረሻም ስሙ ይፋ ይሆናል፤ አንዳንዴም በኮምፒውተር ፕሮግራም በቀላሉ እንዳይነበብ በተዛባ ምስል ላይ ተጽፎ ይወጣል።

እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ስሙ ለምን እንደሚደበቅ ነው። አንድ ኮይን በእርግጥ ዋጋ ያለው ከሆነ ሰዎች አስቀድመው እንዲመረምሩት ማድረግ የሚጎዳው ነገር የለም። ስሙ የሚደበቀው አዘጋጆቹ ብቻቸውን በርካሽ እንዲገዙ ነው። በብዙ ቡድኖች ውስጥ ደግሞ ገንዘብ የከፈሉ ወይም ብዙ አባላትን የጋበዙ ሰዎች ስሙን ከሌሎች ጥቂት ሰከንዶች ቀድመው ያገኛሉ። በዚህ ጨዋታ ጥቂት ሰከንዶች ብዙ ናቸው።

ስሙ ከወጣ በኋላ የሚለቀቁት መልእክቶችም ይመሳሰላሉ። «አትሽጡ፣ ያዙ፤ የውጭ ገዢዎች እየመጡ ነው» ይባላል። ይህ ምክር የሚጠቅመው አሁን እየሸጠ ላለ ሰው ነው፤ ሌላው ካልሸጠ የራሱ ሽያጭ ዋጋውን ቶሎ አይጥለውም። ሁሉ ካለፈ በኋላ ቡድኑ ከመነሻው እስከ ጫፉ ያለውን የመቶኛ ጭማሪ እንደ ድል ይለጥፋል። በዚያ ጫፍ ላይ ስንት ኮይን እንደተሸጠ ወይም አባላቱ በአማካይ በስንት እንደገዙ ግን አይነገርም። ቅሬታ የሚያሰሙ ሰዎች መልእክት ይጠፋል፤ ራሳቸውም ከቡድኑ ይባረራሉ።

== ምሳሌ፦ ቢቨርኮይን ==

ጂያዋ ሹ እና ቤንጃሚን ሊቭሺትስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት በቴሌግራም የተቀነባበሩ 412 ፓምፖችን መርምረዋል። በዝርዝር ከገለጿቸው አንዱ እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 2018 በክሪፕቶፒያ ላይ የተፈጸመው ነው። ክሪፕቶፒያ በኒውዚላንድ የነበረ፣ ብዙ ትንንሽ ኮይኖች የሚገበያዩበት መድረክ ነበር። የተመረጠው ኮይን BVB በሚል ምልክት የሚታወቀው ቢቨርኮይን ሲሆን፣ የራሱ ሠሪዎች የተዉት ፕሮጀክት ነበር።

አባላቱ ፓምፑ በግሪንዊች ሰዓት አቆጣጠር 19:30 ላይ እንደሚጀመር አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ብዙ የቴሌግራም ቻናሎች ስሙን በአንድ ጊዜ ለማለት በሚቻል ፍጥነት ለቀቁ። የመጀመሪያው ግዢ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ተፈጸመ። ዋጋው ጫፍ ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ 18 ሰከንድ ብቻ ነበር። ከቻናሎቹ ትልቁ ስሙን ያወጣው ዘግይቶ በ19:30:23 ነበር። ይህን ቻናል ብቻ ጠብቆ የገዛ ሰው ስሙን ባነበበ ጊዜ ዋጋው ጫፉ አካባቢ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ፓምፑ ከተጀመረ ሦስት ደቂቃ ተኩል በኋላ ዋጋው ከመነሻው በታች ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ግብይቱ የተበታተነ ሆነ።

ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት በነበሩት ሰዓታት ደግሞ ለሞተ ኮይን የማይጠበቅ የግብይት መጠን ታይቷል። ስሙን የሚያውቁት አዘጋጆቹ ብቻ በነበሩበት ሰዓት አንድ ሰው ሲገዛ ነበር። ቻርቱና ወሬው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማን ለማን እንደሸጠ ግልጽ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

== ከእውነተኛ ጭማሪ መለየት ==

የአንድ ኮይን ዋጋ በድንገት መጨመሩ ብቻውን የማጭበርበር ማስረጃ አይደለም። አንድ ኮይን በትልቅ መድረክ ላይ ሲመዘገብ ወይም ፕሮጀክቱ ትልቅ ዜና ሲኖረው ተመሳሳይ አቀበት ሊታይ ይችላል። ልዩነቱን ለማየት ሦስት ነገሮች ይረዳሉ።

አንደኛ፣ ምንጩ ነው። እውነተኛ ዜና ከመድረኩ ወይም ከፕሮጀክቱ ራሱ የሚወጣና ማንም ሊያረጋግጠው የሚችል ነው። በፓምፕ ጊዜ ግን «ዜናው» የዋጋው መጨመር ራሱ ነው። ሁለተኛ፣ ስፋቱ ነው። ኮይኑ በበርካታ መድረኮች የሚገበይ ከሆነ እውነተኛ ፍላጎት ሁሉንም አንድ ላይ ያንቀሳቅሳል፤ ፓምፕ ግን በተጠራበት መድረክ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሦስተኛ፣ ከጫፉ በኋላ ያለው ነው። በእውነተኛ ፍላጎት ጊዜ ዋጋው ጥቂት ወርዶ ከቀድሞው ከፍ ባለ ደረጃ ላይ ይረጋል፤ የግብይት መጠኑም በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይቀንሳል።

== የመለያ ምልክቶቹ ወሰን ==

ከላይ የተጠቀሱት ምልክቶች አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ብለው የሚታዩት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። የክምችቱ ጊዜ በተፈጸመበት ሰዓት ሲታይ ከተራ ግዢ እምብዛም አይለይም። ቁልቁለቱም ሲጀመር ጊዜያዊ ዕረፍት ሊመስል ይችላል።

የግብይት መጠንም ራሱ ሊዋሽ ይችላል። አንድ ወገን በሁለት አካውንት ከራሱ ለራሱ እየሸጠና እየገዛ ሕያው ገበያ ያለ ሊያስመስል ይችላል። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍ.ቢ.አይ.) ይህን አገልግሎት በክፍያ የሚሰጡትን ለማጋለጥ ኔክስፈንድ ኤአይ የተባለ የራሱን ቶክን ፈጥሮ እንደነበር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ቦስተን ውስጥ በቀረበው ክስ ይፋ ሆኗል። ስለዚህ ከፍተኛ የግብይት መጠን ብቻውን የብዙ ገዢዎች ምልክት ተደርጎ አይወሰድም።

ሁሉም ፓምፕ በሰከንዶች አያልቅም። ታዋቂ ሰዎች ያላቸውን ድርሻ ሳይገልጹ አንድን ኮይን ለተከታዮቻቸው ሲያሞግሱ ቀናት ወይም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የሶፍትዌር ባለሀብቱ ጆን ማካፊ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በኒውዮርክ በዚህ ዓይነት ድርጊት ተከሶ ነበር፤ ሆኖም ጉዳዩ ለፍርድ ሳይቀርብ በዚያው ዓመት ስፔን ውስጥ በእስር ቤት ሞተ። በእንዲህ ዓይነቱ ዝግ ያለ ፓምፕ ቻርቱ እንደ ግንብ ሳይሆን እንደ ኮረብታ ስለሚሆን፣ ቅርጹ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሚቀረው መለያ ያው የጊዜ ቅደም ተከተሉ ነው፤ ማለትም ሙገሳው ከመሰማቱ በፊት ማን እንደገዛና፣ ሙገሳው እየተሰማ ሳለ ማን እንደሸጠ ማየት ነው።