የምዘና ውጤትን በጽሑፍ መቃወም
የሥራ አፈጻጸም ምዘናን የሚቃወም ደብዳቤ ጉልበት የሚያገኘው ቅር ያሰኙትን ነጥቦች ብቻ ነጥሎ ሲያነሳ ነው። አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ «ሪፖርት በወቅቱ ማቅረብ» በሚለው መስፈርት ከ5 ነጥብ 2 ተሰጠው እንበል። «አለቃዬ ይጠላኛል» ብሎ መጻፉ አይረዳውም፤ ጥላቻ በሰነድ አይረጋገጥም። ይልቁንም በመንፈቁ ካቀረባቸው 6 ወርሃዊ ሪፖርቶች 5ቱ በጊዜው መግባታቸውን፣ መዝገብ ቤት በተቀበለበት ቀንና ቁጥር ያሳያል። የዘገየውን አንዱን ራሱ ቀድሞ ያምናል፤ ቢደብቀው የቀሩትም ይጠረጠራሉ። ከዚያ ነጥቡ ወደ 4 እንዲስተካከልለት በግልጽ ይጠይቃል። በምዘና ቅጹ ላይ መፈረም ግድ ከሆነም «ውጤቱን አይቻለሁ፤ በዚህ ነጥብ አልተስማማሁም» ብሎ ይፈርማል። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ ቀንና የገቢ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ከሠራተኛው እጅ አይውጣ።